የዘጠነኛው ቀን ድንበር

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የሐጅን ሥርዓት ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ላውጋችሁ። መንገደኛችን ከደሴ የተነሳ፣ መካን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው እንበል።

አውሮፕላኑ ጅዳ ሳይደርስ ሚቃት የተባለውን ድንበር በአየር ላይ ያልፋል። ስለዚህ ሰውየው ገላውን ታጥቦ ሁለቱን ያልተሰፉ ነጫጭ ጨርቆች ከአገሩ ለብሶ ይነሳል፤ ሚቃቱ ሲቃረብ ነይቶ «ለበይክ» ይላል። ኢሕራም ገባ ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ ሽቶ መቀባት፣ ጠጉርና ጥፍር መቁረጥ የለም። ሀብታምና ደሃው በልብስ አይለዩም።

መካ እንደደረሰ ዑምራውን ይፈጽማል። ከጥቁሩ ድንጋይ ጀምሮ፣ ካዕባን በግራው አድርጎ ሰባት ጊዜ ይዞራል፤ ይህ ጠዋፍ ነው። ቀጥሎ ሶፋና መርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህ ሰዕይ ነው። መሄዱ አንድ፣ መመለሱ ሁለት ተብሎ ስለሚቆጠር ማብቂያው መርዋ ላይ ነው። ሀጀር ለልጇ ለኢስማዒል ውሃ ፍለጋ የተንከራተተችው እዚህ ነበር። ከዚያ ጠጉሩን ቆርጦ ከኢሕራም ይወጣል።

ዙልሂጃ 8 ዳግም ኢሕራም አድርጎ ሚና ያድራል፤ በ9ኛው ቀን ወደ አረፋ ይወጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ሌላው ሥራ ቢዘገይ ወይም ቢጓደል ብዙውን ጊዜ መላ አለው፤ የ10ኛው ቀን ጎሕ እስኪቀድ አረፋን ሳይረግጥ የቀረ ሰው ግን የዚያ ዓመት ሐጅ አምልጦታል። የነሚራ መስጂድ ፊተኛ ክፍል ከአረፋ ክልል ውጭ ነው። መንገደኛችን እዚያ ሰግዶ፣ ጥላውን ወድዶ እንደተቀመጠ ቢመሽበትና ወደ ክልሉ ሳይገባ ቢቀር ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ ከሰገደ በኋላ የድንበሩን ምልክት አይቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል። የቂያማ ቀን መቆምን የሚያስታውሰው ይህ መቆም ነው።

ሲመሽ ሙዝደሊፋ ደርሶ መግሪብና ዒሻን አጣምሮ ይሰግዳል፤ ሽምብራ የሚያካክሉ ጠጠሮችም ይለቅማል። በ10ኛው ቀን ወደ ሚና ተመልሶ «አላሁ አክበር» እያለ ትልቁን ጀምራ በሰባት ጠጠር ይወግራል። ኢብራሂም ልጁን እንዲሠዋ በታዘዘ ጊዜ ሸይጣን ሊያሳስተው ቢመጣ በጠጠር አባሮታል፤ የዚያ መታሰቢያ ነው። ተናድዶ ጫማ የሚወረውር ሰው አይጠፋም፤ ሥርዓቱ ግን ትንሿን ጠጠር ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ያርዳል፣ ጠጉሩን ይላጫል፣ መካ ወርዶ የሐጁን ጠዋፍና ሰዕይ ይፈጽማል።

በ11ኛውና በ12ኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሦስቱንም ጀምራዎች በሰባት ሰባት ጠጠር ይወግራል፤ የሚወግረውም ከትንሹ ጀምሮ ነው። ሻንጣውን ከቋጠረ በኋላ የስንብት ጠዋፉን ያደርጋል። ከመካ ሲወጣ የመጨረሻ ሥራው ይህ እንዲሆን ታዝዟልና፣ ገበያውን አስቀድሞ ይጨርስ።