የኬክ መሃል መስመጥ

የኬክ መሃል መስመጥ ማለት ኬክ በኦቨን ውስጥ ከተነፋ በኋላ ጠርዙ እንደቆመ ሆኖ መሃሉ መሰርጎዱ ነው። የሚከሰተው ሊጡን የነፋው ጋዝ፣ ሊጡ በስሎ ራሱን መሸከም ከመቻሉ በፊት ሲያመልጥ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ አሠራር በትክክል ቢከተሉትም ኬኩ ሊሰምጥ ይችላል።

እንዴት እንደሚከሰት

ሊጡ ሲሞቅ የሚነፋው ከቤኪንግ ፓውደር በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሲመታ በገባው አየርና በውሃ እንፋሎት ነው። በዚያው ጊዜ የእንቁላሉ ፕሮቲን ይረጋል፤ የዱቄቱ ስታርችም ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ኬኩን የሚያቆሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሙቀቱ ከመጋገሪያው ጎንና ሥር ስለሚመጣ ጠርዙ ቀድሞ ይጠነክራል፤ መሃሉ ግን መጨረሻ ላይ ይበስላል። የጋዙ አረፋዎች ከመጠን በላይ ካበጡ ግድግዳቸው ሳስቶ ይፈነዳል። በዚህ ጊዜ ገና ያልረጋው መሃል የሚይዘው አጥቶ ይወርዳል።

የከፍታ ተጽዕኖ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያው የጋዝ መጠን አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ቦታ ይይዛል፤ ሊጡም ቶሎና አብዝቶ ይነፋል። ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በመሆኑ የሊጡ እርጥበት በፍጥነት ይተናል። በቀረው ውሃ ውስጥ ስኳሩ ይበዛል፤ ስኳር ደግሞ ስታርቹ የሚያብጥበትን ጊዜ ያዘገያል። በአጭሩ ሊጡ ፈጥኖ ይነሳል፣ ዘግይቶ ይረጋል። ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆነችው ዋሽንግተን ከተማ ጥሩ ኬክ የሚሰጥ አሠራር አዲስ አበባ ላይ የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ምሳሌ

ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ አንድ አሠራር 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 3 እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 180 ሚሊ ሊትር ወተትና 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይጠይቃል እንበል። የሚጋገረውም በ180 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲጋገር ቤኪንግ ፓውደሩ ወደ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ይቀነሳል። ስኳሩ ወደ 170 ግራም ዝቅ ይላል፤ የሚተነውን ለመተካት 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት ይጨመራል። መሃሉ ቶሎ እንዲረጋ የኦቨኑ ሙቀት ወደ 190 ዲግሪ ከፍ ይደረጋል። ሊጡ እንዳይገነፍል መጋገሪያው እስከ ግማሹ ብቻ ይሞላል።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው። ኬኩ አሁንም ከሰመጠ በቀጣዩ ጊዜ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር መቀነስ ይቻላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተለወጠ ግን የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ለውጡ ከዚህ በጣም ያንሳል።

ምክንያቱን መለየት

የሰመጠ ኬክ መሃሉ ላይ ተቆርጦ ሲታይ ምክንያቱን በአብዛኛው ያሳያል። መሃሉ በስሎ፣ ነገር ግን ትላልቅ ቀዳዳዎች ካሉትና ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ቤኪንግ ፓውደሩ በዝቷል። የተቆለለ ማንኪያ ከተስተካከለው በጣም ስለሚበልጥ ማንኪያው በቢላ ጀርባ መላግ አለበት።

መሃሉ ሊጥ ሊጥ የሚልና የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ኬኩ ሳይበስል ወጥቷል ወይም ሙቀቱ ጎድሏል። የኦቨኑ በር ቶሎ ሲከፈት፣ በጋገራው መካከል መብራት ሲጠፋ ወይም ኦቨኑ አስቀድሞ ሳይሞቅ ሊጡ ሲገባ ይህ ያጋጥማል። በሩ የጋገራው ጊዜ ሁለት ሦስተኛ እስኪያልፍ ባይከፈት ይመረጣል። መብሰሉ የሚታወቀው መሃሉ ላይ የተወጋ ስቴኪኒ ሊጥ ሳይዝ ሲወጣ፣ በጣት ቀስ ብሎ የተጫነው ላዩ ተመልሶ ሲነሳና ጠርዙ ከመጋገሪያው መላቀቅ ሲጀምር ነው።

ከሰመጠ በኋላ

አንዴ የሰመጠ መሃል ወደ ኦቨን ቢመለስም አይነሳም፤ አረፋዎቹ ፈርሰዋልና። የበሰለ ከሆነ ከፍ ያለው ጠርዝ ተቆርጦ ላዩ ይስተካከላል፤ ጉድጓዱም በክሬም ይሞላል። ሊጥ የሆነው ክፍል ግን ጥሬ እንቁላልና ዱቄት ስለሆነ ተቆርጦ ይጣላል።