ዳግም፣ ሦስቴ፣ አምስቴ፦ ቮድካ ጠርሙስ ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ?

ላሊበላ አንድ ሆቴል መጠጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ አንዱ ቮድካ አምስት ጊዜ የወጣ ነው ይላል፣ ሌላው በከሰል ሦስት ጊዜ ተጣርቷል ይላል። ዋጋቸው ሰማይና ምድር ነው። እንግዳ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» መልሱ ረዘም ስላለ እዚሁ ብጽፈው ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል አልኩ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ። ማጥለል ወይም ማጣራት ማለት ፈሳሹን በአንድ ነገር ውስጥ አሳልፎ ጉድፉን ማስቀረት ነው። ማውጣት ደግሞ አረቄ አውጪዎቻችን እንደሚሉት ነው፤ አፍልቶ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ፣ ጠብታውን መሰብሰብ። «አረቄ» የሚለው ቃል ራሱ በዓረብኛ ላብ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ማሰሮው ሲያልበው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። «ስንት ጊዜ ወጣ?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። አንዴ የወጣው ተራ አረቄ ነው፤ ያንኑ መልሰው ገንቦ ውስጥ ጨምረው ሲያወጡት ዳግም ይባላል። እናቶቻችን ቁጥሩን የመጠጡ ስም አድርገውታል። ምክንያታቸው ደግሞ እውነተኛ ነው።

ነገሩን በስሌት እንየው። ደጋ ላይ ከገብስ ተሠርቶ በጌሾና በብቅል የተብላላ ድፍድፍ አለን እንበል። 10 ሊትር ነው፤ የአልኮል መጠኑ 8 በመቶ ያህል ቢሆን በውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 8 ዴሲ ሊትር ነው። ገንቦው እሳት ላይ ይጣዳል፣ አፉ በጭቃ ይመረጋል፣ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ መቀበያ ውስጥ ይንጠባጠባል። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን መጀመሪያ የሚወርደው ጠንካራ ነው፤ እየቆየ ውሃው ይበዛል። 2 ሊትር ሲጠራቀም አማካዩ 34 በመቶ ገደማ ይሆናል። ተራ አረቄ በተለካባቸው ጥናቶችም የሚጠቀሰው እዚያ አካባቢ ያለ ቁጥር ነው። ይህንኑ 2 ሊትር መልሰን ብናወጣውና 1.3 ሊትር ያህል ብንቀበል 46 በመቶ ገደማ እናገኛለን። ዳግም ይህ ነው። የላሊበላ ከፍታ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ ውሃው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ግን የአልኮሉም መፍያ አብሮ ስለሚወርድ ሥራው ያው ነው።

ስለዚህ በገንቦ ሥራ ቁጥሩ ትርጉም አለው። አንድ ገንቦ በአንድ ማፍላት የሚለየው ትንሽ ነው፤ ሁለተኛው ዙር ጥንካሬውን በግልጽ ይጨምራል፣ ከድፍድፉ የመጣውንም ሽታ ይቀንሳል። አውሮፓም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ነበር። የሩሲያና የፖላንድ ቮድካ በመዳብ ማሰሮ ሁለቴና ሦስቴ ሲወጣ «ሦስቴ የወጣ» ብሎ መኩራት ያምር ነበር፤ ተጨማሪ እንጨት፣ ተጨማሪ ቀንና ተጨማሪ ብክነት የተከፈለበት ነውና።

ነገሩን የቀየረው አንድ የአየርላንድ ቀረጥ ሹም ነው። ኤኒየስ ኮፊ ይባላል። በ1830 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ማሽን ረጅም ዓምድ ነው። ዓምዱ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ሳህኖች በደርብ ተደርድረዋል። እንፋሎት ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ፈሳሽ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ በየሳህኑም ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ሳህን እንደ አንድ ትንሽ ገንቦ ነው ብላችሁ አስቡት። 40 ሳህን ያለው ዓምድ በአንድ ጉዞ የገንቦውን ሥራ ደጋግሞ ይሠራዋል፤ ከጫፉም 95 እና 96 በመቶ የሆነ አልኮል ይወርዳል። ከዚያ በላይ ብዙም መሄድ አይቻልም፤ 97 በመቶ ገደማ ላይ አልኮሉና ውሃው አብረው ስለሚተኑ ማፍላት ብቻውን አይለያቸውም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ጠይቁ፦ ከዚህ ዓምድ የወጣ ቮድካ ስንት ጊዜ ወጣ ይባላል? አንድ ጊዜ? አርባ ጊዜ? አንዱ ፋብሪካ ዓምዶቹን ይቆጥራል፣ ሌላው ዙሩን፣ ሌላው ደግሞ ለማስታወቂያ የሚመቸውን። ሁሉንም የሚያስማማ የመቁጠሪያ ሕግ የለም። ስለዚህ «ስድስቴ የወጣ» ከ«ሦስቴ የወጣ» እጥፍ የጠራ ነው ማለት አይቻልም። በአንድ ረጅም ዓምድ አንዴ የወጣ አልኮል በማሰሮ አምስቴ ከወጣው የበለጠ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ከገንቦ የተወለደው ቁጥር ገንቦው ከቀረ በኋላም ጠርሙሱ ላይ ቀረ።

የከሰሉስ ታሪክ? እሱም እውነተኛ መነሻ አለው። በ1785 ቶቢያስ ሎቪትስ የተባለ የሴንት ፒተርስበርግ መድኃኒት ቀማሚና ኬሚስት፣ የእንጨት ከሰል ከፈሳሽ ውስጥ ቀለምና ሽታ እንደሚስብ አስተዋለ። ብዙም ሳይቆይ ቮድካ አምራቾች ከሰሉን ሥራ ላይ አዋሉት። በማሰሮ ለወጣ ሸካራ መጠጥ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ጉሮሮ የሚፍቁትንና የሚሸቱትን ከባድ አልኮሎች በከፊል ያስቀራል። በዓምድ ለወጣ 96 በመቶ አልኮል ግን ከሰሉ የሚሠራው የቀረውን ጥቂት ነገር ነው። ከሰል ደግሞ ይጠግባል፤ ሦስት ጊዜ በጠገበ ከሰል ከማሳለፍ አንዴ በአዲስ ከሰል ማሳለፍ ይሻላል። መለያው ላይ የሚጻፈው ግን «ሦስት ጊዜ» የሚለው ብቻ ነው። በብር፣ በወርቅ፣ በአልማዝ አጣራን የሚሉትማ ለወሬው ነው፤ ወርቅና አልማዝ እንደ ከሰል ሽታ አይስቡም።

ታዲያ ሻጩ ለምን ቁጥር ላይ ሙጭጭ አለ? የአሜሪካን ሕግ ተመልከቱ። ከ1949 ጀምሮ ቮድካ ማለት የተለየ ጠባይ፣ መዓዛ፣ ጣዕምና ቀለም የሌለው መጠጥ ነው ብሎ ደነገገ፤ አገላለጹ የተነሣው በ2020 ነው። ውስኪ ሻጭ ስለ በርሜሉና ስለ ዕድሜው ያወራል። በሕግ ጣዕም የለህም የተባለ መጠጥ የሚሸጥ ሰው ምን ያውራ? ቁጥር፣ ጠርሙስና አገር ነው የቀረው። ሲድኒ ፍራንክ የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ ይህን አሳምሮ ገብቶታል። በ1997 ግሬይ ጉስን ፈረንሳይ አሠርቶ፣ በዚያን ጊዜ ውድ ይባሉ ከነበሩት እጥፍ ገደማ በሆነ ዋጋ ገበያ አወጣው። በ2004 ባካርዲ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። የተሸጠው በአብዛኛው ስሙ ነበር።

ልዩነት የለም እያልኩ ግን አይደለም። አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውሰዱ። 40 በመቶ ከሆነ በውስጡ 300 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ የቀረው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ስለዚህ አንደኛው ልዩነት ውሃው ነው፤ ጨዋማና ማዕድን የበዛበት ውሃ ምላስ ላይ ይታወቃል። ሁለተኛው አልኮሉ ከምን ተሠራ፣ ከመጨረሻው ዙርስ ምን ያህል መጀመሪያውና መጨረሻው ተለይቶ ተወገደ የሚለው ነው። ስንዴ፣ አጃ፣ ድንች፣ ወይም እንደኛ አገር የስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ሊሆን ይችላል። የሞላሰስ አልኮል በደንብ ከተጣራ መጥፎ አይደለም፤ ካልተጣራ ግን ሽታው ያጋልጠዋል። ሦስተኛው የተጨመረው ነገር ነው፤ አሜሪካ በሊትር እስከ 2 ግራም ስኳር ይፈቀዳል፣ ብዙ ሰው «ለስላሳ» የሚለው አንዳንዴ ይኼንን ነው። ከዚህ ውጪ ያለው የዋጋ ልዩነት ቀረጥ፣ መጓጓዣ፣ ጠርሙስና ማስታወቂያ ነው። ከውጭ የመጣ ጠርሙስ ላስታ ተራራ ላይ እስኪደርስ የተከፈለበት ሁሉ ብርጭቆው ውስጥ አይገባም።

መለየት ለሚፈልግ ቀላል ዘዴ አለ። በረዶ አታድርጉበት፤ ቅዝቃዜ ሽታን ይደብቃል፣ ርካሹን ሁሉ ያሳምራል። በቤት ሙቀት ጥቂት ቮድካ ቅዱና ያንኑ ያህል ንጹሕ ውሃ ጨምሩበት። ሲቀጥን የተደበቀው ሽታ ይወጣል፤ የቀለም ማቅጠኛ ወይም የተቃጠለ ስኳር ዓይነት ከሸተተ አልኮሉ በደንብ አልጠራም። ከዚያ ሌላ ሰው ዞር ብሎ ሦስት ብርጭቆ ይቅዳላችሁ፤ ሁለቱ ከአንድ ጠርሙስ፣ አንዱ ከሌላ። የተለየውን ፈልጉ። በግምት ብቻ እንኳ ከሦስት አንዴ ይገኛልና ደጋግሙት። ካልለያችሁት ውዱን ለመግዛት ጣዕሙ ምክንያት አይሆናችሁም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ርካሽ ወይም ያልታወቀ መጠጥ ገዝቶ በከሰል ወይም በውሃ ማጣሪያ አሳልፎ «አጸዳሁት» የሚል ሰው አለ። ሽታው ሊሻሻል ይችላል። ሜታኖል ግን በዚያ አይወጣም። ሜታኖል ለኢንዱስትሪ የሚውል አልኮል መጠጥ ውስጥ ሲቀላቀል የሚገድለው፣ ዓይን የሚያጠፋው መርዝ ነው፤ በምላስም በአፍንጫም አትለዩትም፣ በእሳት ነበልባልም እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ከሰል ሽታውን ሲወስድለት እንዲያውም ይበልጥ ያታልላል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ማየት ያለባችሁ አምስቴ የሚለውን ሳይሆን እሽጉን ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ የተመለሰ፣ መለያው የተላጠ፣ ልኩ የጎደለ ከሆነ ተዉት። ጠጥቶ ከሰዓታት በኋላ፣ በማግሥቱም ቢሆን፣ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ስካር ነው ተብሎ አይተኛ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ለተማሪዬ ያልኩት ባጭሩ ይኸው ነው፦ እንግዳው ከጠየቀህ፣ ቁጥሩ በገንቦ ዘመን እውነት ነበር፣ አሁን ስለ ጠርሙሱ ብዙ አይነግርህም በለው። ዳግም ምን እንደሆነ ማየት ከፈለገ ግን አረቄ የሚያወጡ እናቶች ዘንድ ውሰደው። እዚያ ሁለት ማለት ሁለት ነው።

ሰላም ዋሉ።