የፓሪሱ ዳይመንድና የለንደኑ ዳይመንድ

እ.ኤ.አ. በ1875 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው የቢዜ ኦፔራ «ካርመን» ውስጥ፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ፣ ሦስት ሴቶች ካርታ ዘርግተው ስለ ፍቅር ይጠይቃሉ። ለአንዷ ወጣት አፍቃሪ ይወጣላታል። ለሌላዋ አግብቷት የሚሞትና ሀብቱን የሚያወርሳት ሽማግሌ። ካርመን ተራዋ ሲደርስ ዳይመንድ ገለበጠች፣ ቀጥላ ስፔድ። መጀመሪያ የራሷን፣ ከዚያ የወንዱን ሞት አነበበች። ደግማ ብትበውዝም ያው ነው።

ስፔዱስ ይሁን፤ ክፉ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዳይመንድ ግን ከሞት ጎን ምን ይሠራል? ሀብት አይደለም እንዴ?

ለእንግሊዞች ሀብት ነው። ለፈረንሳዮች ግን አልነበረም፤ ልዩነቱም የመጣው ከስሙ ይመስላል። ልብ፣ ስፔድ፣ ዳይመንድና ባለ ሦስት ቅጠሉ የምንላቸው አራቱ ምልክቶች በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ፈረንሳይ ውስጥ ተለመዱ። ፈረንሳዮቹ ያን ባለ አራት ማዕዘን ቀይ ምልክት የጠሩት «የወለል ንጣፍ» ብለው ነው። ካርታ አንባቢዎቻቸውም መንገድን፣ ገጠርን፣ መዘግየትንና ጠብን ሰጡት። ገንዘቡን ያስቀመጡት ባለ ሦስት ቅጠሉ ላይ ነው፤ እነሱ ዘንድ ስሙ የሣር ስም፣ ማገጥ እንደ ማለት ነው። እንግሊዞች ያንኑ ሥዕል ሲወስዱ ቀዩን ምልክት «አልማዝ» አሉት። አልማዝ ከተባለ በኋላ ገንዘብ ሊሆን ግድ ነው። ባለ ሦስት ቅጠሉን ደግሞ በጣሊያንና በስፔን ካርታ ላይ በነበረው ዱላ ስም «ክለብ» አሉት፤ የሥራና የወዳጅነት ካርታ ሆነ።

በሁለቱም አገር ያልተቀየሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልብ በሁለቱም ቋንቋ ልብ ነው፤ ፍቅር ሆነ። ስፔድ በፈረንሳይኛ ስሙ ጦር ነው፣ የእንግሊዝኛው ስም ደግሞ ከሰይፍ የመጣ። የጦር መሣሪያ ስለሆነ ኀዘን ሆነ። እኛ ደግሞ ዳይመንድ ያልነው ከእንግሊዞቹ ተውሰን ነው፤ የካርመን ካርታ ግር የሚለንም ለዚህ ነው።

ይህን የንባብ ጥበብ በመጽሐፍ ከአሳተሙት መካከል ቀዳሚው ፓሪሳዊው ዣን ባቲስት አሊየት ነው። የቤተሰብ ስሙን ከኋላ ወደ ፊት አንብቦ «ኤቴይላ» ተባለና በ1770 መጽሐፉን አወጣ። የተጠቀመው በተራው የመጫወቻ ካርታ ነው፦ ከ52ቱ ላይ ከ2 እስከ 6 ያሉት ይወጡና 32 ይቀራሉ። ጠያቂውን የምትወክል አንዲት ተጨማሪ ካርታ ጨመረ፤ ስሟም ያው ኤቴይላ።

ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ጠያቂውን በጠጉሩ ቀለም መምረጥ ለመዱ። ጠጉሯ ወርቃማ ከሆነ የልብ ወይም የዳይመንድ ንግሥት፣ ጠቆር ካለ ባለ ሦስት ቅጠሉ፣ በጣም ከጠቆረ ስፔድ። (ይህ ደንብ አዲስ አበባ ቢመጣ ከተማው በሙሉ ጥቁር ካርታ ላይ ሊወድቅ ነው።)

አንድ ጥያቄ እንዘርጋ። ጠጉሯ ጠቆር ያለ ሴት «ይወደኛል?» ብላ መጣች። ካርታዋ የባለ ሦስት ቅጠሉ ንግሥት ናት። 32ቱ ተበውዘው፣ ጠያቂዋ በግራ እጇ ከፍላቸው፣ በአራት ረድፍ ስምንት ስምንት ሆነው ይደረደራሉ። ከዚያ የሚነበበው ንግሥቲቱን የከበበው ነው። በቀኟ የልብ ንጉሥ ወጣ፤ ሰውየው አለ፣ ስሜቱም አለ። ከእሱ በላይ 10 ዳይመንድ። የለንደኗ አንባቢ «ይወድሻል፣ ግን ገንዘብ መሐል ገብቷል» ትላለች። የፓሪሷ «ይወድሻል፣ ግን መንገድ ሊሄድ ነው» ትላለች። አንዷ ሴት ጥሎሿን ልትቆጥር ቤቷ ትገባለች፣ ሌላዋ ልትሰናበተው ትሮጣለች። ካርታው ያው ነው።

ልብ ሳይወጣ ቢቀርስ? እምብዛም አይቀርም። ንግሥቲቱ ጠርዝ ላይ ካልወደቀች በዙሪያዋ 8 ካርታ አለ፤ ከቀሩት 31 ውስጥ 8ቱ ልብ ናቸው። ከመቶ ዝርግ ውስጥ አንድም ልብ የማይነካት በ6ቱ ገደማ ብቻ ነው። የስፔዱም ስሌት ያው ነው፤ በ94ቱ ቢያንስ አንድ ስፔድ አጠገቧ ይቀመጣል። ስለዚህ አንባቢዋ አፏን ሳትከፍት ፍቅርም ኀዘንም አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ የእሷ ሥራ የትኛው ለጠያቂዋ ይቀርባል የሚለውን መምረጥ ነው። ልምድ ያላት አንባቢ ይህን የምትመርጠው ካርታውን ሳይሆን የጠያቂዋን ፊት አይታ ነው፤ የልቡ ንጉሥ ሲገለበጥ ትንፋሿን የያዘች ሴት ስለ ማን እንደመጣች ነግራታለች።

ካርመን ያንን አላገኘችም። ለራሷ ነበር የምታነበው፣ ብቻዋን፣ እየገለበጠች፣ በዙሪያ ያሉትን ሳትዘረጋ። እንደ ደንቡ 32ቱን ዘርግታ ቢሆን ኖሮ፣ አጠገቧ አንድ ልብ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነበር።