የውጭ ምንዛሬ የካርድ ክፍያ

በአንድ አገር ባንክ የተሰጠ ካርድ በሌላ አገር ገንዘብ ሲከፈልበት በዕቃው ዋጋ ላይ የሚታከል ወጪ ነው። ወጪው በዋናነት ከሁለት ነገር ይመጣል፦ እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉ ድርጅቶች በየዕለቱ ከሚያወጡት የምንዛሬ ተመን፣ እንዲሁም ካርዱን የሰጠው ባንክ ከሚወስደው ኮሚሽን። ኮሚሽኑ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ እስከ 3 በመቶ ይደርሳል፤ የማያስከፍሉ ካርዶችም አሉ።

ለምሳሌ የዶላር ካርድ ያለው ሰው ከጀርመን የ100 ዩሮ ጫማ ገዛ እንበል። አንድ ዩሮ በ1.10 ዶላር ቢመነዘር ሒሳቡ 110 ዶላር ነው፤ 3 በመቶ ሲታከልበት 113.30 ይሆናል። ባንኩ በግዢው ሰዓት ገንዘቡን ለጊዜው ይይዛል እንጂ ወዲያው አይቆርጥም። ሒሳቡ የሚወራረደው አብዛኛውን ጊዜ ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ በመካከሉ ተመኑ ከተለወጠ የመጨረሻው ክፍያም ሊለወጥ ይችላል።

አንዳንድ የክፍያ ማሽኖችና ድረ ገጾች ገዢው በራሱ አገር ገንዘብ እንዲከፍል ምርጫ ያቀርባሉ። ያን ጊዜ ምንዛሬው በሻጩ በኩል ስለሚሠራ ተመኑ ብዙውን ጊዜ ይወደዳል፤ ሻጩ ውጭ አገር በመሆኑም ባንኩ ኮሚሽኑን ላይተው ይችላል። ስለዚህ በምሳሌው ገዢ ዩሮን ቢመርጥ በአብዛኛው ይረክስለታል።