የሐውድ ግጦሽና የተዘነጋው አባሪ፦ ቀጥተኛ ድንበርን በቅርጹ ብቻ ስለመመዘን

በአፍሪካ ድንበሮች ላይ የተጻፈው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን እዚህ አያቆየንም። ሳዲያ ቱቫል በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ (በዚህ መጣጥፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የአፍሪካ ገዢዎችም በድርድሩ ድርሻ እንደነበራቸው አሳይቷል። በዚህ እስማማለሁ። ሙግቴ አልበርቶ አሌሲና፣ ዊልያም ኢስተርሊና ጃኒና ማቱዜስኪ በ2011 ስለ «ሰው ሠራሽ መንግሥታት» ካሳተሙት ጥናት ጋር ነው።

ሦስቱ ሊቃውንት የአንድን አገር ሰው ሠራሽነት በሁለት መንገድ ይለካሉ። አንደኛው ድንበር የከፈላቸው ብሔረሰቦች ከሕዝቡ ምን ያህሉ እንደሆኑ መቁጠር ነው። ሁለተኛውና ዝና ያተረፈው የመስመሩን ቅርጽ መለካት ነው፦ ካርታውን በትልልቅና በትንንሽ ካሬዎች ከፍለው ድንበሩ ስንቱን እንደሚነካ ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩ ወደ ቀጥተኛ መስመር በቀረበ መጠን አገሩ ሰው ሠራሽ ነው ይላሉ። ከመለኪያው በስተጀርባ ያለው ግምት ግልጽ ነው፤ ጠማማ መስመር ወንዙን፣ ተራራውንና ሰፋሪውን አይቶ የተሰመረ ነው፣ ቀጥ ያለው ግን ምንም ሳያይ የተሰመረ ነው የሚል ነው። ይህ ግምት ቢያንስ እኔ በማውቀው ድንበር ላይ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ጥቃቅን አይደለም።

የምለው ድንበር በኢትዮጵያና በቀድሞው የእንግሊዝ ሶማሌላንድ መካከል ያለው ነው። ከ9 ዲግሪ ሰሜንና 44 ዲግሪ ምሥራቅ መገናኛ አጠገብ ተነሥቶ 8 ዲግሪ ሰሜንና 47 ዲግሪ ምሥራቅ እስከሚገናኙበት ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይታጠፍ ይሄዳል። በሦስቱ ሊቃውንት መለኪያ ይህ የጭፍን መስመር አብነት ነው።

ሰነዶቹ ግን ሌላ ይናገራሉ። እንግሊዝና ጣሊያን በግንቦት 1894 ኢትዮጵያን ሳያማክሩ የተፈራረሙት ፕሮቶኮል፣ መስመሩ ከጊልደሳ ወደ ደቡብ ሲወርድ የገሪን፣ የበርተሬንና የሬር ዓሊን ጎሣዎች ወሰን ጥግ ጥጉን እንዲከተል፣ ጅግጅጋንና ሚልሚልን በአንድ ወገን እንዲተው ያዝዝ ነበር። የጎሣን አሰፋፈር የሚከተል መስመር ማስመር አውሮፓውያኑ ያውቁበት ነበር ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ያን መስመር የተኩት አውቀው ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ ወደ አዲስ አበባ የተላከው ምኒልክ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር እንዳይተባበሩ ለማግባባት ነበር። የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ውል ግንቦት 14 ቀን 1897 ሲፈረም ምኒልክ መሐዲስቶችን ጠላቶቼ ናቸው ሲሉ አረጋገጡ፤ የድንበሩ ዝርዝር ሐረር ላይ ሮድና ራስ መኮንን በሚለዋወጡት ደብዳቤ እንዲወሰን ተባለ። ሰኔ 4 ቀን የተለዋወጡት ደብዳቤ ነው ቀጥተኛውን መስመር የወለደው። እንግሊዝ ለሱዳን ዘመቻዋ የከፈለችው ዋጋ የሐውድ ግጦሽ ነበር፤ የግጦሹ ባለቤቶች የሆኑትና ከ1884 ጀምሮ የጥበቃ ውል የፈረሙላት ጎሣዎች ግን አልተጠየቁም።

የድንበር ቁጥር የሚሰበስቡ ተመራማሪዎች የማይከፍቱት የውሉ አባሪ ይህ የደብዳቤ ልውውጥ ነው። በውስጡ ሁለት ነገር ተጽፏል። በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ጎሣዎች በማዶው ሣር የመጠቀምና ቅርብ ወዳሉት ጉድጓዶች የመሄድ መብት አላቸው፤ ማዶ ሲሻገሩ ግን ለዚያ ግዛት ሹማምንት ይገዛሉ። ተደራዳሪዎቹ መስመሩ ግጦሽ እንደሚቆርጥ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ሣሩን ከሥልጣኑ ለዩት። የኋላው ጠብ ሁሉ መነሻ ይህ መለያየት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብቸኛው ምክንያት ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

ሐውድን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቀይ አፈር ያለው፣ ሣሩ በዝናብ ወቅት የሚያምር፣ በበጋ ግን ውኃ የሌለው ሜዳ ነው። ቋሚ ጉድጓዶቹ ዳርና ዳር ናቸው፤ በሰሜን ሀርጌሳና ቡርኦ አካባቢ፣ በደቡብ ወልወልና ዋርዴር። የሰሜኑ ከብት አርቢ ዝናብ ሲጥል ግመሉን ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ሲደርቅ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ድንበር የሚያርፍበት ወንዝ ወይም ሸንተረር በመካከሉ የለም። መስመሩ ጠማማ ቢሆንም ያንኑ ጉዞ መቁረጡ አይቀርም ነበር። «ተፈጥሮን ቢከተል ኖሮ» የሚለው ቁጭት እዚህ ቦታ የለውም።

አባሪው ያላለው ደግሞ ካለው ይብሳል። ጉድጓድ ላይ ጠብ ሲነሣ ማን ይዳኛል? ግብር የሚጣለው ከብቱ ሣር በሚግጥበት ነው ወይስ ባለቤቱ በሚኖርበት? ከ1931 ጀምሮ የሠራው የሁለቱ መንግሥታት የድንበር ኮሚሽን ምልክቱን ተክሎ ሲጨርስ እነዚህ ጥያቄዎች ገና ክፍት ነበሩ። ስለዚህ በኮሎኔል ክሊፎርድና በፊታውራሪ ተሰማ በንቲ የሚመራው ቡድን የግጦሹን ሁኔታ ለማጥናት ወደ ደቡብ ወረደ። ኅዳር 23 ቀን 1934 ወልወል ሲደርስ ጉድጓዶቹን የጣሊያን ጦር ይዟቸው አገኘ። ክሊፎርድ ከቦታው ሲርቅ የኢትዮጵያ ወታደሮች ፊት ለፊት እንደተፋጠጡ ቀሩ፤ ታኅሣሥ 5 ቀን ተኩስ ተከፈተ። ሙሶሊኒ ለወረራው ምክንያት ያደረገው ይህንኑ ግጭት ነው። በእርግጥ ሰበብ የፈለገ ሰው ሌላም ባገኘ ነበር፤ ኮሚሽኑን ወልወል ያደረሰው ግን የመስመሩ ቅርጽ ሳይሆን የግጦሹ ጉዳይ ነው።

እንግሊዝ በጦርነቱ ጊዜ የያዘችውን ሐውድ ለኢትዮጵያ የመለሰችው በኅዳር 1954 በተፈረመ ስምምነት ነው። ስምምነቱ የግጦሹን መብት አጸና፤ የጎሣዎቹን ጉዳይ የሚከታተሉ እንግሊዛውያን ሹማምንትም ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲቀመጡ ፈቀደ። አንድ መሬት ላይ ሁለት መንግሥታት ትእዛዝ የሚሰጡበት ሁኔታ ሆነ። በ1960 ሶማሌላንድ ነጻ ወጥታ ከደቡቡ ጋር ስትዋሐድ አዲስ አበባ የግጦሹ መብት ከእንግሊዝ ጋር አብሮ አብቅቷል አለች። ሞቃዲሾ ደግሞ የ1897ቱን ውል ከሥሩ አልቀበልም አለች፤ እንዲህ ስትል ግን ለአርብቶ አደሮቿ የማዶን ሣር የሚፈቅደውን ሰነድም አብራ ጣለች። ሁለቱም መንግሥታት ሥልጣኑን ፈልገው ሣሩን ዘነጉ። የ1964ና የ1977 ጦርነቶች ሌሎች ምክንያቶች ቢኖሯቸውም የተካሄዱት በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

አንድ ድንበር በብዙ አገሮች ላይ የተሠራን ስሌት አያፈርስም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ስሌቱን ላፍርስ አላልኩም። ቁጥሩ በድንበር ቅርጽና በአገር ዕጣ መካከል አንድ ዝምድና ያሳያል፤ ዝምድናው በምን በኩል እንደሚሠራ ግን ካሬ በመቁጠር አይታወቅም።

የመስመሩ ቅርጽ ሳይለወጥ ውጤቱ መለዋወጡ ለዚህ ማስረጃ ነው። በ1988 የሶማሊያ መንግሥት ጦር ሀርጌሳንና ቡርኦን ሲደበድብ ሕዝቡ የሸሸው ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደሚወርድበት ሐውድ ነበር፤ ሀርትሼክም ትልቅ የስደተኞች መጠለያ ሆነ። ከ1950ዎቹ ወዲህ ደግሞ ቢርካ የሚባሉት በሲሚንቶ የተለበጡ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች በሜዳው ላይ ተስፋፍተዋል። ቢርካ የሠራ ሰው ውኃው የራሱ ነው፤ በበጋም ከቦታው አይነቃነቅም፣ በዙሪያው ያለውንም ሣር ቀስ በቀስ የራሱ ያደርገዋል። አባሪው የሚያውቀው ጉድጓድ ግን በሜዳው ዳር ያለውን፣ መንጋው እየተመላለሰ የሚጠጣበትን ነው። ዛሬ በሐውድ ሣር ለማን ነው የሚለውን ክርክር የሚያስነሣው በየቦታው የሚቆፈረው ቢርካ ሲሆን፣ ለዚህ ጉዳይ በ1897 የተጻፈም ሆነ በ1954 የታደሰ አንድም አንቀጽ የለም።