የመስታወት ማጠቢያና የውርጭ መብራቶች

በዳሽቦርድ ላይ መስታወትንና ወደ ላይ የሚፈናጠቅ ውሃን የሚያሳየው ቢጫ ምልክት የመስታወት ማጠቢያ መብራት ሲባል፣ ትርጉሙም በኮፈኑ ሥር ባለው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ የሚገኘው ፈሳሽ ከተወሰነ መጠን በታች ወርዷል ማለት ነው፤ ይህም የሚሞላ ነገር ማለቁን እንጂ የሞተር ወይም የሌላ አካል ብልሽትን ስለማያመለክት መካኒክ አያስፈልገውም።

የበረዶ ቅንጣት ምስል ያለው የውርጭ መብራት ደግሞ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ውጭው አየር ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ባምፐር አካባቢ የተቀመጠ የሙቀት መለኪያ አየሩ ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ያበራዋል፤ ከዜሮ በላይ እያለ የሚያስጠነቅቀውም፣ ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ከአየሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ነው። መለኪያው አስፋልቱን ወይም ጠጠሩን ስለማይነካ ግን መብራቱ መጥፋቱ ውርጭ የለም ማለት አይደለም።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ጎንደር በ12 ዲግሪ ማለዳ የተነሣ መኪና፣ በደባርቅ አልፎ በስሜን ተራሮች 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ጨነቅ ሲደርስ ወደ 2 ዲግሪ የተጠጋ አየር ያገኛል፤ መብራቱም በዚያ ቢበራ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው።

በማጠራቀሚያው ተራ ውሃ የሞላ አሽከርካሪ ግን ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ በጨነቅ ያደረ ውሃ ሊረጋ ስለሚችል፣ የማጠቢያው መብራት ሳይበራ፣ መጠኑም ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ መስታወቱ ላይ ጠብታ አይደርስም። በዚህ ጊዜ የማጠቢያውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ፓምፑን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ፀሐይ ወጥታ በረዶው እስኪቀልጥ መጠበቅ ይሻላል።