በበግ ገበያ የመጀመሪያውን ዋጋ ከመስጠት በፊት

በበግ ገበያ ሻጩ የሚጠራው ዋጋና በጉ የሚሸጥበት ዋጋ አንድ አይደሉም። ሻጩ ድርድር እንደሚኖር ስለሚያውቅ የሚቀነሰውን አስቀድሞ ጨምሮ ይጠራል። ገዥው የጭማሪውን መጠን ሳያውቅ እጅግ ዝቅ ያለ ዋጋ ቢሰጥ ሻጩ ፊቱን ያዞርበታል፤ ጥቂት ብቻ ቢቀንስ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይከፍላል። ጭማሪው የሚታወቀው ብዙ ሻጮችን ጠይቆ ነው።

ንጽጽሩ በተመሳሳይ በጎች መካከል ሊሆን ይገባል። ሙክትን ከጠቦት ጋር ማወዳደር ያሳስታል። ዕድሜውን ከጥርሱ፣ ሥጋውን ጀርባውንና ላቱን በመዳሰስ መለየት ይቻላል፤ ጸጉሩ የበዛ በግ ለዓይን ከሚገባው በላይ ወፍሮ ይታያል።

በዚህ ዙር ገዥው ዋጋ ይጠይቃል እንጂ አይሰጥም። የሰጠውን ዋጋ ሻጩ ከተቀበለው «አልገዛም» ማለት ነውር ነውና። አራት ወይም አምስት ሻጮችን በተለያየ የገበያው ጥግ መጠየቅ ይበጃል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሻጮች ወይም በአንድ ደላላ የሚሸጡ በጎች ዋጋቸው አንድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ሌሎች ሲገዙ ቆሞ የተጠራውንና የተሸጠበትን ዋጋ መስማት ነው።

ለምሳሌ ለተመሳሳይ በግ አምስት ሻጮች 13 ሺህ፣ 13 ሺህ 500፣ 14 ሺህ፣ 14 ሺህ 500 እና 18 ሺህ ብር ጠሩ እንበል። ከሌሎቹ እጅግ የራቀው 18 ሺህ ከስሌት ይወጣል። ገዥው 13 ሺህ 500 የተጠራበት በግ በ12 ሺህ ሲሸጥ ቢያይ፣ ቅናሹ 1 ሺህ 500 ያህል መሆኑን ይረዳል። ይህንን ከዝቅተኛው ጥሪ ከ13 ሺህ ሲቀንስ 11 ሺህ 500 ያገኛል፤ ሊደርስበት የሚፈልገው ዋጋ ይህ ነው።

ድርድር ብዙ ጊዜ በጥሪውና በመጀመሪያው መልስ መካከል ስለሚያበቃ፣ የመጀመሪያው መልስ ከዚህ በታች በዚያው መጠን ይወርዳል፤ ማለትም 10 ሺህ ብር ይሆናል። የ13 ሺህና የ10 ሺህ አማካይ 11 ሺህ 500 ነው። የገዥው ጣሪያ ደግሞ ሲሸጥ ያየው 12 ሺህ ነው።

ስሌቱ መሳሳቱ ከሻጩ መልስ ይታወቃል። ሁለት ሦስት ሻጮች ምንም ሳይቀንሱ ዝም ካሉ፣ የተሰጠው ዋጋ አንሷል ወይም የተነጻጸሩት በጎች የተለያዩ ናቸው። ሻጩ ወዲያው «ውሰድ» ካለ ደግሞ ዋጋው በዝቷል ወይም በጉ እንከን አለበት፤ ስለዚህ እግሩን፣ ዓይኑንና አተነፋፈሱን ማየት ዋጋ ከመስጠት በፊት ነው። የበዓል ዋዜማ ገበያ በሰዓታት ልዩነት ስለሚለዋወጥ ጠዋት የተጠየቀ ዋጋ ከሰዓት በኋላ አያገለግልም፤ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል።